«ወራጅ አለ» ለማለት ስንዘጋጅ፦ የአንድ የቀልድ ካሩሴል የጉዳይ ጥናት

ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ቢሮ ተከራይተው የሚሠሩ ሁለት ወዳጆች አሉኝ። አንዷ ሠዓሊ ናት፤ ሌላው ጸሐፊ ነው። የከተማውን የዕለት ተዕለት ኑሮ እየታዘቡ ቀልድ ይሠሩና በኢንስታግራምና በቴሌግራም በካሩሴል መልክ ይለጥፋሉ፤ አንባቢው በጣቱ እየገፋ ገጽ በገጽ የሚያየው ተከታታይ ሥዕል ማለት ነው። ከመለጠፉ በፊት የማነብላቸው እኔ ነኝ። እዚህ የምተርከው ስለ ሚኒባስ ታክሲ የሠሩት አንድ ካሩሴል ከመጀመሪያው ረቂቅ ተነሥቶ ለሕዝብ እስኪቀርብ ድረስ ምን ምን እንደተለወጠበትና ለምን እንደተለወጠ ነው። ከሠሯቸው ሁሉ ይህን የመረጥሁት አራተኛው ገጹ ላይ ቀልዱ፣ ተነባቢነቱና አንባቢን አለማግለሉ ሦስቱም ስለተጋጩ ነው።

ትዝብቱ ጥሩ ነበር። ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርድ ታክሲ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ተቀምጧል። መውረድ የሚፈልገው ቴዎድሮስ አደባባይ ነው። «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ይበቃዋል፤ ግን ሰው በሞላበት መኪና ውስጥ ድምፅን ከፍ ማድረግ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ይዘጋጃል፣ በልቡ ይለማመዳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ድምፅ ግን ለራሱም አይሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሳፈር ብዙ ሰው ይህን በራሱ ደርሶበት ያውቃል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ስምንት ገጽ ነበረው። ሽፋኑ «ታክሲ ውስጥ ሁላችንም የምናደርገው» ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው «ፌርማታህ ሲቃረብ በልብህ ትለማመዳለህ» እና «ጉሮሮህን ትጠርጋለህ» የሚሉ ናቸው። አራተኛው ገጽ ላይ በጣም ትንሽ በሆነ ግራጫ ፊደል «ወ... ወ... ወራጅ» ተጽፏል። አምስተኛው ላይ መውጫውን የዘጋ ወፍራም ተሳፋሪ ተሥሏል። ስድስተኛው ላይ ረዳቱ «ምን አልህ?» ብሎ ይጮኻል፤ አባባሉ ግን አማርኛን በኋላ የተማረ ሰው እንደሚናገረው ተደርጎ፣ ፊደሉ ሆን ተብሎ ተጣምሞ ተጽፏል። ሰባተኛው ላይ ፌርማታው ያልፋል፤ ስምንተኛው ላይ ተሳፋሪው ዳገቱን በእግሩ ይመለሳል።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው «በዚህ ካሩሴል የምንስቀው በምንድን ነው?» ብዬ ነው። ሠዓሊዋ ወዲያው «በራሳችን ዓይን አፋርነት» አለች። ትክክል ናት፤ የትዝብቱ ጉልበትም እዚያው ላይ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ገጽ ግን ሣቁን ከእኛ አንሥተው ሌላ ሰው ላይ ያኖሩታል። ወፍራሙ ተሳፋሪ የተቀመጠበት ቦታ ጠባብ ከመሆኑ በቀር ያደረገው ነገር የለም። ረዳቱም እንደዚያው ነው።

ጸሐፊው በቀላሉ አልተቀበለኝም። «እንዲህ የሚናገር ረዳት እኮ በእርግጥ አለ፤ እኔ አልፈጠርሁትም» አለኝ። ይህ ክርክር ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ቀልድ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚያነሡት ነውና በቁም ነገር መመለስ አለበት። አዎ፣ አለ። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ረዳቱ ምን አጠፋ? ተሳፋሪው አንድ ነገር ሲያጉረመርም ሰማ፣ ጠየቀ፣ መኪናውን አስቆመ። ሥራውን ሠርቷል። ሣቁ የሚመጣው ካደረገው ነገር ሳይሆን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሆነ፣ ያንኑ አነጋገር ከእናቱ ወይም ከራሱ አፍ የሚሰማ አንባቢ ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከሚስቁት ወገን ወጥቶ ከሚሣቅባቸው ወገን ይሆናል። እስከ አምስተኛው ገጽ ድረስ ግን ከእኛ ጋር እየሣቀ ነበር። አዲስ አበባ መሐል ላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ብዙ ነው።

ይህን ለማየት የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። ያጠራጠረንን ነገር አውጥተን ገጹን እንደገና እናነበዋለን። የረዳቱን አነጋገር ወደ ተራ አማርኛ ስንመልሰው ገጹ ላይ «ምን አልህ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ አነጋገሩ የቀልዱ ማጣፈጫ አልነበረም፤ ቀልዱ ራሱ ያ ብቻ ነበር። ገጹ ከመጀመሪያውም ትዝብት እንዳልነበረው የታወቀው በዚህ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ጸሐፊው ነው። ማታ ታክሲ ተሳፍሮ ሲሄድ ጆሮውን ጣል አድርጎ ነበር። ተሳፋሪው «ወራጅ» ሲል ረዳቱ «የት ጋ?» ይላል፤ ተሳፋሪውም «የሚመችህ ጋ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ መኪናው የሚቆመው ለረዳቱና ለሾፌሩ በሚመቻቸው ቦታ ነው፤ እርሱም ተሳፋሪው ከሚፈልገው ቦታ አልፎ ነው። ይህን ሲነግረን ሦስታችንም ሣቅን። ረዳቱ የተባለውን ነው የፈጸመው፤ የተሸወደው ትሕትናችን ነው። ፌርማታው ለምን እንደሚያልፍም በረቂቁ ውስጥ ያልተነገረ ነበር፤ አሁን ምክንያት አገኘ። አነጋገሩ በመውጣቱ ታሪኩ ምንም አልጎደለበትም፤ ይልቁንም የጎደለው ቀለበት ተገኘለት።

ወፍራሙን ተሳፋሪ የተኩት አንዲት እናት ናቸው። ድምፁ ለማይሰማ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮኽለት ሰው በየታክሲው አለ። ጸሐፊው መጀመሪያ እኒህን እናት ነገረኛና ተቆጪ አድርጎ ሊጽፋቸው አስቦ ነበር። ሠዓሊዋ እምቢ አለች፤ «እሳቸው እኮ ናቸው የሚያድኑን» ብላ ፊታቸውን ብሩህ፣ እጃቸውን ወደ ረዳቱ የተዘረጋ አድርጋ ሣለችው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአንባቢው ጾታ ነበር። አማርኛ አንድን ሰው ሲያናግር ወንድ ወይም ሴት መሆኑን መለየት ግድ ይለዋል። «ፌርማታህ»፣ «ትለማመዳለህ» ሲባል ሴት አንባቢ ቀልዱ ለእሷ እንዳልተጻፈ ከመጀመሪያው መስመር ታውቃለች። ከዚህም ሌላ የማንበብ ችግር አለበት፤ «ስትል» የሚለው ግስ «አንተ ስትል»ም «እሷ ስትል»ም ሊሆን ይችላልና አንባቢዋ ስለ ማን እንደሚወራ ለማወቅ ወደ ኋላ ትመለሳለች። በጣት እየተገፋ በሚነበብ ነገር ላይ ወደ ኋላ መመለስ ቀልዱን ይገድለዋል።

የተለያየ መንገድ ሞከርን። «ፌርማታህ/ሽ» የሚለው አጻጻፍ ማንንም አያገልም፤ ዓይንን ግን በየቃሉ ያደናቅፋል፤ ጮክ ተብሎም ሊነበብ አይችልም። «ፌርማታዎ» የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። «ፌርማታችሁ» ደግሞ ተናጋሪውን ከታክሲው አውርዶ መድረክ ላይ ያቆመዋል፤ እሱ ዓይን አፋር ያልሆነ፣ እኛ ግን የሆንን ያስመስለዋል። የቀረው «እኛ» ነው። «ፌርማታችን ሲቃረብ በልባችን እንለማመዳለን» ሲባል ወንዱም ሴቷም ተናጋሪውም እዚያው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በአማርኛ የዚህ ዓይነት ቀልድ ሲሠራ «እኛ» የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ይገባዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ሥዕሉም ይህንኑ ተከተለ። ሠዓሊዋ ዋናውን ተሳፋሪ ፈጽሞ አላሳየችም። የምናየው እሱ ወይም እሷ የሚያዩትን ነው፦ የፊት ወንበሩን ጀርባ፣ ወንበሩን የያዘ እጅ፣ በመስኮቱ የሚያልፈውን ጎዳና። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ግን ይታያሉ፤ ነጠላ የለበሱ፣ ሒጃብ ያደረገች፣ ደብተር የያዘ ተማሪ። ማንኛቸውም ስለ አለባበሳቸው አልተሣቀባቸውም፤ ታክሲው ውስጥ ያሉት እንዲያው ታክሲ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

«እኛ» ስንል ግን ከሽፋኑ «ሁላችንም» ጋር መምታታት የለበትም። ሽፋኑን ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። መስማት የተሳነው ተሳፋሪ መውረጃው ሲደርስ አጠገቡ ያለውን ሰው ይነካል ወይም በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ዝምታው ከዓይን አፋርነት ጋር አይገናኝም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደግሞ እነዚህን ሚኒባሶች በቀላሉ ሊሳፈርባቸው አይችልም። «ሁላችንም» የሚለው ቃል ለቀልዱ የሚጨምርለት ነገር ሳይኖር እነዚህን ሰዎች ከበሩ ይመልሳል። ስለዚህ ሽፋኑ ወደ ጉዳዩ ብቻ እንዲገባ ተደረገ፦ «‹ወራጅ አለ› ለማለት የምናደርገው ዝግጅት»። አዲሱ ርዕስ የተሻለበት ሌላም ምክንያት አለው፤ የድሮው ርዕስ ስለ ምን እንደሚያወራ አይናገርም ነበር።

አሁን ወደ አራተኛው ገጽ እንመለስ።

የረቂቁ ሐሳብ ብልህ ነበር፤ ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ፊደሉም ትንሽ ይሁን። ገጹ የተሠራው 1080 በ1350 ፒክስል ሲሆን ፊደሉ 22 ፒክስል ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን 1080 ፒክስል የሚያርፈው ወደ 65 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ላይ ነው፤ ስለዚህ 22 ፒክስል የሚሆነው 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መጠን የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ፊደሎቻችን የሚለዩት በትንንሽ ጭረቶችና ቀለበቶች ነው። «ጅ»ን ከ«ድ» የሚለየው ከላይ ያለው አግዳሚ መስመር ብቻ ነው። ገጹን በስልክ ያሳየናቸው ሰዎች «ወራድ» ብለው አነበቡት፤ አንዳንዶቹም ምንም ጽሑፍ እንዳለ ሳያውቁ ገፍተው አለፉ። ሥዕሉ ተቀድቶ በቴሌግራም ሲዘዋወር ደግሞ በየጊዜው እየተጨመቀ ስለሚሄድ ያ መስመር ከመጀመሪያዎቹ ጠፊዎች አንዱ ይሆናል።

ቀለሙም አላገዘም። በነጭ ላይ የተጻፈበት ግራጫ `#999999` ነበር። የዚህ ግራጫና የነጭ የብርሃን ንጽጽር 2.8 ለ1 ገደማ ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል ቢያንስ 3 ለ1 ይጠይቃል። ይህ ግራጫ ሁለቱንም አያሟላም። ቀን ላይ መስቀል አደባባይ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ ማለትም ለዚህ ቀልድ ከማንም የበለጠ የቀረበው አንባቢ፣ ባዶ ነጭ ገጽ ነው የሚያየው።

ሦስተኛው ችግር «ወ... ወ... ወራጅ» የሚለው አጻጻፍ ነበር። ጸሐፊው ፍርሃትን ለማሳየት ነው የተጠቀመበት። ነገር ግን ቃልን እንዲህ ደጋግሞ መጻፍ የሚንተባተብ ሰው መለያ ሆኖ የቆየ የቀልድ ልማድ ነው። ለሚንተባተብ ሰው ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት በእርግጥ ከባድ ነው፤ ካሩሴሉን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እኛ ግን አራተኛው ገጽ ላይ መቀለጃ ልናደርገው ነበር።

እንግዲህ ፊደሉን ብናሳድገው ቀልዱ ይጠፋል፤ ብናሳንሰው አይነበብም። ድግግሞሹን ብናወጣ ደግሞ ፍርሃቱ በምን ይታይ? መፍትሔው የመጣው ትንሽነት በንጽጽር የሚታይ ነገር መሆኑን ሠዓሊዋ ስላየችው ነው። የሌሎቹ ገጾች ጽሑፍ 72 ፒክስል ነው፤ ስልክ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። አራተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ቃል 48 ፒክስል አደረገቻት፤ 3 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ያለ ችግር የሚነበብ። ቀለሟን ጥቁር አደረገች። ከዚያም ሥዕሉን በሙሉ አወጣች። ወንበር የለም፣ መስኮት የለም፣ ሰው የለም። ሙሉ ነጭ ገጽና ከታች በግራ በኩል ብቻዋን «ወራጅ»። ሦስት በሥዕል የተሞሉ ገጾችን ገፍቶ የመጣ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ዝምታው ይሰማዋል። ቃሏን ትንሽ ያደረጋት በዙሪያዋ ያለው ባዶነት ነው።

አምስተኛው ገጽ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የእናቲቱ ድምፅ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። እዚህ ላይ ስለ ፊደል ድምቀት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ጩኸትን የምናሳየው በመጠን ወይም በውፍረት ነው። የመረጡት ቅርጸ ፊደል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ የውፍረት ደረጃ አለው። በጣም ወፍራሙን ሲሞክሩ ግን የፊደሎቹ ቀዳዳዎች ተደፈኑ፤ በተለይ የሳብዕና የኃምስ ቀለበቶች ወደ ነጥብ ተለወጡ። ስለዚህ ውፍረቱን መካከለኛ አድርገው መጠኑን አሳደጉት። ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ፊደሉም ዳነ።

የመስመር ርዝመትም ወሳኝ ነው። በሁለቱም በኩል 100 ፒክስል ኅዳግ ትተን በ72 ፒክስል ስንጽፍ በአንድ መስመር ከ15 ወይም 16 ፊደል ብዙም አያልፍም። የአማርኛ ግስ ግን ተሳቢውንና አሉታውን ሁሉ ይዞ ስለሚረዝም አንድ ቃል ብቻውን ግማሽ መስመር ይወስዳል። ጸሐፊው ረጅም ግሶችን ያሳጠረው በዚህ ምክንያት ነው፤ «እንዳይሰሙብን እየፈራን» የሚለው ሐረግ ወጥቶ ሥዕሉ እንዲናገረው ተደረገ። በአንድ ገጽ ላይ ከአሥር ቃል በላይ የቀረበት ቦታ የለም።

የመጨረሻው ቅጂ ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

1. «ወራጅ አለ» ለማለት የምናደርገው ዝግጅት
2. ሁለት ፌርማታ ሲቀር፦ በልባችን እንለማመዳለን። «ወራጅ አለ። ወራጅ አለ።»
3. አንድ ፌርማታ ሲቀር፦ ጉሮሮ እንጠርጋለን።
4. ወራጅ
5. «አንተ ልጅ፣ ወራጅ አለ!»
6. «የት ጋ?» «የሚመችህ ጋ።»
7. የሚመቸው ጋ ወረድን።
8. በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው።

ስምንተኛው ገጽ ላይ የሚታየው የቸርችል ጎዳና ዳገት ነው። የቦታ ስም ጽሑፉ ውስጥ እንዳይገባ የወሰንነው ሆን ብለን ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይን የሚያውቅ ሰው በሥዕሉ ይለየዋል፤ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያለ አንባቢ ደግሞ የራሱን ዳገት ያስባል።

ስድስተኛው ገጽ ላይ «የሚመችህ» በወንድ አንቀጽ መቅረቱን የጠየቀን ሰው ነበር፤ ሴት ረዳቶችም አሉና። እኔ እንዳለ ይቆይ አልሁ። «እኛ»ን የመረጥነው አንባቢውን ስንጠራ ነው። እዚህ ግን ተሳፋሪው የሚናገረው በሥዕሉ ላይ ለሚታይ አንድ ወንድ ረዳት ነው፤ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ንግግር ሰው እንደሚናገረው መሆን አለበት። እዚያም ላይ ጾታ የሌለው አማርኛ እንፍጠር ብንል ንግግሩ የማንም አይሆንም።

ለማያዩ አንባቢዎች በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሥዕል መግለጫ ተጻፈ፤ ኢንስታግራም ይህን የሚያስገቡበት ቦታ አለው። አስቸጋሪው እንደገና አራተኛው ገጽ ነበር፤ የንባብ ሶፍትዌሩ ትንሹንም ትልቁንም ፊደል በአንድ ድምፅ ያነባልና። የመጀመሪያው መግለጫ «ተሳፋሪው በፍርሃት ምክንያት ድምፁ እንደማይሰማ የሚያሳይ ቀልድ» የሚል ነበር። ይህ ቀልዱን ማብራራት እንጂ ማካፈል አይደለም። የተተካው እንዲህ ይላል፦ «ሙሉ በሙሉ ባዶ ነጭ ገጽ። ታች፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ቃል ብቻ፦ ወራጅ።» ባዶነቱ አስቀድሞ ይነገራል፤ ቃሏ መጨረሻ ላይ ትመጣለች፤ የሚሰማውም አንባቢ የሚያየው ሰው በሚስቅበት ቅደም ተከተል ይደርስበታል።

የቀረው የአቀራረቡ ጉዳይ ነው። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ላለፈ ሰው በሌላ ጊዜ ሁለተኛውን ገጽ ሊያሳየው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ገጽ ብቻውን ሲታይ ትርጉም እንዲኖረው «ወራጅ አለ» የሚለው ልምምድ እዚያው ተጨመረ። የገጹ ቁጥር ከታች የተጻፈው ደግሞ ከላይ በቀኝ በኩል ኢንስታግራም የራሱን ቁጥር ስለሚያሳይ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ጣጣው ሌላ ነው፤ ስምንቱን ሥዕል በአንድ ላይ ስንልክ እንደ ግድግዳ ደርድሮ በአንድ ጊዜ ያሳያቸዋል፤ አንባቢው መጀመሪያውን ሳያነብ ዓይኑ መጨረሻው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ረቂቁ ላይ ስምንተኛው ገጽ «ፌርማታው አልፎ በእግር ስትመለስ» ይል ስለነበር ቀልዱ ከመጀመሩ በፊት ይገለጥ ነበር። «በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» ግን ሰባተኛውን ላላነበበ ሰው ተራ የጤና ምክር ነው። ሠዓሊዋ ድርድሩን በራሷ ስልክ አይታ ይህንን ካረጋገጠች በኋላ ሁለቱም ቦታ ተለጠፈ።